የሚያብረቀርቅ ምስክር ወረቀት፣ ጥላ የወደቀበት ጥራዝ፦ ከመጫን በፊት ምን ማድረግ ይቻላል?

ሰላማዊት_ደሴ

ጤና ይስጥልኝ። የአባቴን የጡረታ ጉዳይ ለመጨረስ የቆዩ ማስረጃዎቹን በስልክ እያነሣሁ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ በመጫን ላይ ነኝ። ወረቀቶቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በላሚኔት የታሸገ የምስክር ወረቀት ሲሆን፣ የጣሪያው አምፖል ነጸብራቅ ከማኅተሙ ላይ አልነሣ ብሎኛል። ሁለተኛው ወፍራም የአገልግሎት ጥራዝ ነው፤ መሃል እጥፋቱ አካባቢ ያሉት መስመሮች በጥላ ተውጠዋል። ሦስተኛው በእርሳስ የተሞላ አሮጌ ቅጽ ነው። ቀን ሥራ ላይ ስለምውል የማነሣው ማታ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ያለውም አንድ የጣሪያ አምፖል ብቻ ነው።

የጫንኳቸው ሁሉ «አይነበብም» ተብለው ተመልሰዋል። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ያነሣኋቸውን ምስሎች በስልኬ ላይ ማስተካከል ይቻላል ወይስ ሁሉንም እንደገና ማንሣት አለብኝ?

ዮናስ_ቢ

እኅቴ፣ ብዙ አትድከሚ። ማንኛውም የስካን መተግበሪያ ላይ ጥቁርና ነጭ የሚለውን ማጣሪያ ስትመርጪ ጥላው በሙሉ ይጠፋል። ለነጸብራቁ ደግሞ ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነጽር ካለሽ አንዱን መስተዋት በስልኩ ሌንስ ፊት ያዢው። ለዓሣ አጥማጆች የሚሸጠው መነጽር የውኃውን ብልጭታ የሚቆርጠው በዚሁ መንገድ ነው።

የሰነድ_ፎቶ

ዮናስ ስለ ጥላው የጻፈው ከፊሉ ትክክል ነው፤ ስለ መነጽሩ ግን ኋላ እመለስበታለሁ። በመጀመሪያ የወ/ሮ ሰላማዊትን ጥያቄ ልመልስ፤ ምክንያቱም ጥላና ነጸብራቅ ሁለቱም የብርሃን ችግር ቢሆኑም አንዱ ከተነሣ በኋላ ይታረማል፣ ሌላው ግን አይታረምም።

ጥላ በወደቀበት ቦታ ላይ ፊደሉ አለ። ከወረቀቱም ከቀለሙም የሚመጣው ብርሃን በአንድ ላይ ቀነሰ እንጂ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አልጠፋም፤ ስለዚህ በኋላ በማስተካከያ ሊወጣ ይችላል። ነጸብራቅ ያረፈበት ቦታ ግን ካሜራው የሚይዘውን የብርሃን ጣሪያ ካለፈ ወረቀቱም ቀለሙም እኩል ነጭ ሆነው ይመዘገባሉ፤ ከዚያ ወዲያ የትኛውም ማጣሪያ ያልተመዘገበን ፊደል ሊያወጣ አይችልም። መፈተሻው ቀላል ነው። ምስሉን በስልክዎ ማስተካከያ ይክፈቱና የብርሃኑን መጠን እስከ መጨረሻው ዝቅ ያድርጉት። ብሩህ የነበረው ቦታ ሲጠቁር በውስጡ ፊደል ብቅ ካለ ምስሉ ይድናል። ፊደል የሌለበት ወጥ ግራጫ ሆኖ ከቀረ እንደገና ከማንሣት በቀር መንገድ የለም። የማኅተሙን ምስል በዚህ መንገድ ይፈትሹትና ውጤቱን ይንገሩን።

አሁን ነጸብራቁ ለምን አልነሣ እንዳለዎት። ላሚኔት እንደ መስተዋት ነው የሚሠራው። ብርሃን በመጣበት ማዕዘን ልክ በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሚመለስ፣ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ በየአቅጣጫው ማዞር ምንም አይለውጥም፤ የሚለወጠው አምፖሉና ካሜራው ከወረቀቱ አንጻር ያሉበት ቦታ ሲለወጥ ነው። ቦታውን ለማግኘት ትንሽ የእጅ መስተዋት ወይም ስክሪኑ የጠፋ ሌላ ስልክ በወረቀቱ ላይ ያስቀምጡና በካሜራዎ ስክሪን ይመልከቱት። መስተዋቱ ውስጥ አምፖሉ ከታየ እዚያ ቦታ ላይ ነጸብራቅ ይኖራል። መስተዋቱን በአራቱም ማዕዘንና በመሃል ላይ አሳርፈው የትም አምፖል ካላዩ ማንሣት ይችላሉ።

በቁጥር ላሳይዎት። ስልኩ ከኤ4 ወረቀት በላይ 50 ሴንቲ ሜትር፣ አምፖሉ ደግሞ ከወረቀቱ በላይ 2 ሜትር ላይ ነው እንበል። በዚህ ርቀት ካሜራው በላሚኔቱ ውስጥ የሚያየው የጣሪያ ክፍል የወረቀቱን አምስት እጥፍ ይረዝማል፣ አምስት እጥፍም ይሰፋል፤ ይኸውም 1 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። አምፖሉ በዚያ ክልል ውስጥ እስካለ ድረስ ገጹ ላይ አንድ ቦታ ማብረቁ አይቀርም። ስለዚህ ጠረጴዛውን ከአምፖሉ ቀጥታ ሥር አንድ ሜትር ያህል ወደ ጎን ማራቅ ይበቃል። ላሚኔቱ ከተወላገደ ግን እያንዳንዱ እብጠት የራሱን አቅጣጫ ስለሚያንጸባርቅ ከዚያ በላይ መራቅ ያስፈልጋል። ላሚኔቱን ለመላጥ ፈጽሞ አይሞክሩ፤ ቀለሙ አብሮ ይነሣል። በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ብቻ ያለ ወረቀት ከሆነ ግን ያውጡት።

ፍላሹን ያጥፉት። ከሌንሱ አጠገብ ያለ መብራት ምንጊዜም በዚያ የነጸብራቅ ክልል መሃል ላይ ነው።

ሊያ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። ከአያቴ የወረስነውን የብራና የጸሎት መጽሐፍ ለቤተ ዘመድ ለማካፈል እያነሣሁ ነው። ዮናስ ያለውን ጥቁርና ነጭ ማጣሪያ ስጠቀም በቀይ ቀለም የተጻፉት የቅዱሳን ስሞች ደብዝዘው አንዳንዶቹም ጭራሽ ጠፍተዋል። ይህ ከነጸብራቁ የመጣ ነው? ብራናው ትንሽ ያብለጨልጫል።

ሰላማዊት_ደሴ

አመሰግናለሁ፣ የሰነድ_ፎቶ። ፈተሻውን አደረግኩት፤ የማኅተሙ መሃል ወጥ ግራጫ ሆነ እንጂ ምንም ፊደል አልወጣም። የጥራዙ እጥፋት ላይ ግን ብርሃኑን ከፍ ሳደርግ ፊደሎቹ ታዩ።

ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው አራቅኩትና ነጸብራቁ በእርግጥም ጠፋ። ነገር ግን ሁለት ነገር ተፈጠረ። የራሴና የስልኩ ጥላ ገጹ ላይ ወደቀ፤ ገጹም በሙሉ ግራጫ ሆኖ ፊደሎቹ ደበዘዙ። ሳጎላው «ቢ» እና «ቤ» አይለዩም።

የሰነድ_ፎቶ

ጥላው የወደቀው አምፖሉን ከጀርባዎ ስላደረጉት ይመስለኛል። አምፖሉ በግራዎ ወይም በቀኝዎ እንዲሆን ዞር ብለው ይቁሙ። ቀደም ሲል ባስቀመጥነው ርቀት የስልኩ ጥላ ከገጹ መሃል ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ርቆ ይወድቃልና ኤ4 ወረቀት አይደርስበትም። ስልኩን ወደ ወረቀቱ ባስጠጉት መጠን ግን ጥላውም ይጠጋል። ስለዚህ ቀርቦ ከማንሣት ይልቅ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ባለ ሁለት እጥፍ ማጉያውን መጠቀም ይሻላል፤ ኤ4 ወረቀት ስክሪኑን ይሞላል። ከአምፖሉ በተቃራኒ በኩል ነጭ ካርቶን ወይም ጥቂት ነጭ ወረቀቶች ቢያቆሙ ብርሃኑን መልሶ ስለሚያቀብል የቀረው ጥላ ይሳሳል።

ግራጫነቱና መደብዘዙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ካሜራው ስክሪኑን የሞላውን ነጭ ወረቀት «ብሩህ በዝቷል» ብሎ ስለሚገምት ያጨልመዋል። ገጹን በጣትዎ ነክተው ሲይዙት የፀሐይ ምልክት ይመጣል፤ ወረቀቱ ነጭ እስኪመስል ድረስ ወደ ላይ ይሳቡት፣ ነገር ግን ስስ የሆነው ማኅተም መታየት ከማቆሙ በፊት ያቁሙ። የማኅተሙ ቀለም ከመስመር ጽሑፉ በፊት ስለሚጠፋ ገደብዎ እሱ ነው።

መደብዘዙን በተመለከተ፣ ፊደሉን አጉልተው ይመልከቱት። ሁሉም ጭረት በአንድ አቅጣጫ ተደርቦ ከታየ እጅ ተንቀጥቅጧል ማለት ነው። ጭረቶቹ ባሉበት ሆነው ጠርዛቸው ሰም የቀለጠበት ከመሰለ ግን ስልኩ በጨለማ ምክንያት የተፈጠረውን ነጠብጣብ ለማጥፋት ሲል ፊደሉንም አብሮ አለስልሶታል። የኛ ፊደል በዚህ ይበልጥ ይጎዳል፤ «ቢ»ን ከ«ቤ»፣ «ሉ»ን ከ«ለ» የሚለየው ትንሽ ቀለበት ወይም ቅጥያ ስለሆነ መጀመሪያ የሚለሰልሰው እሱ ነው።

መድኃኒቱ ለሁለቱም አንድ ነው፦ ስልኩን ከእጅ ማውጣት። ሁለት እኩል የመጻሕፍት ክምር ይሥሩ፣ በላያቸው ጠፍጣፋ እንጨት ያጋድሙ፣ ስልኩን ሌንሱ ከእንጨቱ ጠርዝ ወጣ ብሎ እንዲያይ አድርገው በላዩ ያስተኙት፣ የ3 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪውንም ይጠቀሙ፤ የስክሪኑ መነካት ራሱ ያንቀጠቅጣልና። ስልኩ እንዲህ ካረፈ የማታ ማንሻው በእውነት ይጠቅማል፤ ብዙ ምስል አከታትሎ ወስዶ የሚያዋህድ ስለሆነ በእጅ ሲያዝ ግን ለትንንሽ ፊደል አያስተማምንም። በምስሉ ዝርዝር መረጃ ውስጥ እንደ 1/15 ያለ ቁጥር ካዩ ያ የሰከንድ ክፍልፋይ ነው፤ ከ1/50 የዘገየ ሁሉ ስልኩ እንዲያርፍ ይፈልጋል።

ለጥራዙ፣ መጽሐፉን የመሃል እጥፋቱ በቁመቱ ወደ አምፖሉ እንዲያመለክት አድርገው ያስቀምጡት። ብርሃን ከጎን ሲመጣ አንደኛው ገጽ ለሌላው ግድግዳ ይሆንበታል፤ በእጥፋቱ ቁመት ሲመጣ ግን ሸለቆው ውስጥ ድረስ ይገባል። ሁለቱን ገጽ በአንድ ጊዜ አያንሡ። አንደኛውን ሽፋን በመጽሐፍ ደግፈው ከፍ ያድርጉና ጠፍጥፎ የተኛውን ገጽ ብቻ ያንሡ፤ ጥራዙንም አይሰብሩትም።

እኅት ሊያ፣ የእርስዎ ጉዳይ ነጸብራቅ አይደለም። ማጣሪያው ከአንድ ወሰን በላይ የጠቆረውን ሁሉ ጥቁር፣ የቀረውን ሁሉ ነጭ ያደርጋል፤ ቀይ ቀለም ደግሞ መሃል ላይ ስለሚወድቅ ወደ ነጩ ይጣላል። ለብራና ያንን ማጣሪያ ጭራሽ አይጠቀሙ፤ በቀለም ያንሡና እንዳለ ያስቀምጡት።

ብሩክ_ሊኑክስ

ኮምፒውተር ላላችሁ፣ ጥላውን ለማጽዳት ኢሜጅማጂክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ይህ ትእዛዝ የምስሉን በጣም የደበዘዘ ቅጂ ይሠራል። ፊደሎቹ በድብዛዜው ስለሚጠፉ ቅጂው ላይ የሚቀረው ብርሃኑ የት ደምቆ የት እንደሳሳ ብቻ ነው፤ ከዚያ ዋናውን ምስል በእሱ ያካፍለዋል።

```
magick page.jpg -auto-orient -colorspace Gray \( +clone -blur 0x40 \) -compose Divide_Src -composite clean.jpg
```

በዊንዶውስ ከቅንፎቹ በፊት ያሉትን ሰያፍ መስመሮች ያውጡ። 40 የሚለው ቁጥር ከፊደሉ ጭረት ውፍረት በብዙ መብለጥ አለበት፤ ካነሰ ደማቅ ፊደሎች ውስጣቸው ባዶ ይሆናል። ጉርድ ፎቶግራፍ ባለበት ወረቀት ላይ አትጠቀሙበት፤ ፊቱን ያጠፋዋል። ከጥቁርና ነጭ ማጣሪያ የሚሻልበት ምክንያት ግራጫውን ሳያጠፋ ስለሚተው ነው፤ ስስ ጽሑፍ አይጣልም።

ሊያ፣ ቀዩ ጽሑፍ ጠቆር ብሎ እንዲነበብ ከተፈለገ ምስሉ ከተሠራባቸው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ንብርብሮች አረንጓዴውን ብቻ ማውጣት ይቻላል፤ ቀይ ቀለም አረንጓዴ ብርሃንን እምብዛም ስለማይመልስ በዚያ ንብርብር ላይ ጥቁር ይሆናል።

```
magick brana.jpg -channel G -separate brana-g.jpg
```

ለላሚኔቱም አንድ ዘዴ አለ። ስልኩ ሳይነቃነቅ የጠረጴዛ መብራትን አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ አድርጎ ሁለት ምስል ማንሣት፤ ነጸብራቁ በሁለቱ ላይ የተለያየ ቦታ ያርፋል። ከዚያ በየነጥቡ ከሁለቱ የጠቆረውን መውሰድ ነው።

```
magick left.jpg right.jpg -compose Darken -composite both.jpg
```

ነጸብራቅ ሁልጊዜ ብርሃን የሚጨምር ስለሆነ የጠቆረው ትክክለኛው ነው። ስልኩ በጥቂቱ እንኳ ከተነቃነቀ ግን ፊደሉ ሁሉ ተደርቦ ይወጣል።

ጋሽ_መዝገብ_ቤት

ልጆቼ፣ በመዝገብ ቤት የኖርኩ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልበል። ሊያ ለቤተ ዘመድ ለምታካፍለው መጽሐፍ የፈለጋችሁትን አድርጉ። ለጡረታ የሚቀርብ ማስረጃ ግን ከሁለት ምስል ተቀጥሎ መሠራቱ ጥያቄ ያስነሣል። እኛ ማኅተምን የምንመለከተው በቀለሙ ነው፤ ሐምራዊው ማኅተም ፊርማው ላይ አርፎ እንደሆነ፣ ፊርማው በሰማያዊ እስክሪብቶ መሆኑን እናያለን። ግራጫ ሆኖ የመጣን ወረቀት «ፎቶ ኮፒ ነው፣ ዋናውን አምጡ» ብዬ ብዙ ጊዜ መልሻለሁ። ሰላማዊት፣ በቀለም የተነሣ፣ ምንም ያልተነካካ ምስል ላኪ።

ብሩክ_ሊኑክስ

ጋሼ፣ ስለ ቀለሙ እስማማለሁ። ነገር ግን ጥላን ማንሣት ማስረጃ መለወጥ አይመስለኝም፤ ፊደል አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም። የስካን መተግበሪያዎችም ሳይነግሩን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ጋሽ_መዝገብ_ቤት

አንተ ያደረግኸውን አንተ ታውቃለህ፤ ተቀባዩ ግን የሚያየው ውጤቱን ብቻ ነው። የጸዳው ይጫን ከተባለ ያልተነካካውን ከጎኑ አያይዛ ትጫን።

ዮናስ_ቢ

መነጽሩን ግን ማንም አልመለሰልኝም። አሁን ሞክሬዋለሁ፤ ጋዜጣ የሚያህል አንጸባራቂ መጽሔት ላይ ዘንበል ብዬ ሳነሣ መነጽሩን በሌንሱ ፊት ሳዞረው ብልጭታው በእርግጥ ይጠፋል።

የሰነድ_ፎቶ

ይጠፋል፣ ያጋጠመዎትም ትክክል ነው፤ ቁልፉ «ዘንበል ብዬ» ያሉት ላይ ነው። ከላስቲክና ከመሳሰሉት ላይ የሚመለስ ብርሃን በደንብ ፖላራይዝድ የሚሆነው፣ ማለትም ማጣሪያው ሊቆርጠው በሚችለው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚወዛወዘው፣ ከቀጥታው 55 ዲግሪ ገደማ አዘንብለን ስናይ ነው። ከገጹ ቀጥታ በላይ ሆነን ስናይ ግን ማጣሪያው የሚይዘው ነገር የለም፤ ቤተ መዛግብት በዚያ አቋም ሲጠቀሙበት መብራቱንም በሌላ ፖላራይዝድ ማጣሪያ ይሸፍኑታል። በ55 ዲግሪ የተነሣ ገጽ ደግሞ ላዩ ጠቦ ታቹ ሰፍቶ ይወጣል፣ ሩቁ ክፍልም ከትኩረት ይወጣል። መነጽሩ ከግማሽ በላይ ብርሃን ስለሚወስድ በወ/ሮ ሰላማዊት ቤት ማታ የሚያስከትለውን አስቡት።

በጋሽና በብሩክ ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ምን እንደሚል ራሱን መጠየቅ ይሻላል። ጠረጴዛውን በማራቅ ብቻ ነጸብራቁ ከጠፋ ግን ማዋሃዱ ከነአካቴው አያስፈልግም።

ሰላማዊት_ደሴ

የምስክር ወረቀቱን በክምሩ ላይ አድርጌ በቀለም አነሣሁት፤ ማኅተሙ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ዙሪያውን ይነበባል፤ ድረ ገጹም ተቀብሎታል። ጥራዙንም በተባለው መንገድ አንሥቼ ያልተነካካውንና በብሩክ ትእዛዝ የጸዳውን አያይዤ ጫንኩ፤ መልስ እየጠበቅኩ ነው።

የቀረኝ የእርሳሱ ቅጽ ነው። በጣሪያው አምፖል ጽሑፉ በጣም ስለሳሳ የጠረጴዛ መብራት ተውሼ አቀረብኩት፤ ያን ጊዜ ጽሑፉ ራሱ ብር መስሎ ያብለጨልጫል። በዚያ ላይ በምስሉ ላይ ጨለምለም ያሉ አግድም መስመሮች መጡ። ወረቀቱ ላይ የሉም።

ዮናስ_ቢ

ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል፤ የካሜራውን መተግበሪያ አጥፍተሽ አስነሺው።

የሰነድ_ፎቶ

ስልኩ ደህና ነው። መስመሮቹ የሚመጡት ከተዋሱት መብራት ነው። የኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል ይደበዝዛል። መብራቱ ቀርቦ ብርሃን ሲበዛ ካሜራው በጣም ፈጥኖ ያነሣል፣ ምስሉንም ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ አንዳንዱ መስመር አምፖሉ ሲደበዝዝ ይያዛል። በካሜራው ፕሮ በሚባለው ክፍል ፍጥነቱን 1/100 ወይም 1/50 ላይ ያድርጉት፤ መስመሮቹ ይጠፋሉ። ያ ክፍል ከሌለ መብራቱን ያርቁት፣ ካሜራውም ራሱ ይዘገያል።

እርሳስ ግን አስቸጋሪ ነው። ግራፋይት ራሱ ያንጸባርቃል፤ ጠንከር ያለ መብራት ከአንድ አቅጣጫ ሲያርፍበት ከወረቀቱ ጋር እኩል ነጭ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ፣ ከላሚኔቱ በተለየ፣ ወረቀቱን ማዞር ይረዳል፤ የእርሳሱ ጫፍ የተወው ቦይ አቅጣጫ ስላለው 90 ዲግሪ ሲዞር ብልጭታው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ከሁሉ የሚሻለው ቅዳሜ ወይም እሑድ ጠዋት ቀጥታ ፀሐይ በማይገባበት መስኮት አጠገብ፣ መስኮቱ ፀሐይ ካለበት ደግሞ በስስ ነጭ መጋረጃ ከልለው ማንሣት ነው። ብርሃኑን ከወትሮው በጥቂቱ ዝቅ አድርገው ያንሡ፤ የሳሳ እርሳስ በብዛት የሚጠፋው ወረቀቱን በጣም ነጭ ለማድረግ ሲባል ነው። እንዲያም ሆኖ በጣም ፈዝዞ የነበረ ቃል ላይወጣ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ምስሉን ከስልክ ወደ ኮምፒውተር በቴሌግራም ካስተላለፉ እንደ ፋይል ይላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ ስለሚያሳንሰው የእርሳስ ጭረት የመሰለ ቀጭን ነገር መጀመሪያ ይጠፋል።

ሊያ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

አረንጓዴውን ንብርብር አወጣሁት፤ የቅዱሳኑ ስሞች አሁን ከጥቁሩ ጽሑፍ እኩል ይነበባሉ። በአንድ ገጽ ላይ ግን የሰም ጠብታ የወደቀበት ቦታ አሁንም ያበራል። ሰሙን መጥረግ ይቻላል?

የሰነድ_ፎቶ

አይንኩት፤ ቀለሙ ከሰሙ ጋር ሊነሣ ይችላል። ሰሙ ጎርበጥ ያለ ስለሆነ በመስተዋቱ ፈተሻ ቦታ አያገኙለትም፤ ብሩክ እንዳለው መብራቱን በግራና በቀኝ አድርገው ሁለት ምስል ያንሡና የጠቆረውን ይውሰዱ። የእርስዎ መጽሐፍ ለጡረታ አይቀርብምና ጋሽም አይቃወሙም።